«ልጄ አፉን አልፈታም፤ ልጠብቅ ወይስ ላሳየው?»

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። 2 ዓመት ከ3 ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። የሚላቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «እማ»፣ «አባ»፣ «እንቢ»፣ «ውው»፣ ሌላም ሁለት ሦስት ቢኖር ነው። የምለው ይገባዋል፤ ጫማህን አምጣ ስለው ያመጣል፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳየኛል። እኔ ፋብሪካ በሽፍት ስለምሠራ የሚውለው ከአማቴ ጋር ነው። እሳቸው የባቲ ሰው ናቸው፣ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። «አባቱም አፉን የፈታው ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው፣ ተይው» ይሉኛል። ባለቤቴ ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ግራ ገብቶት ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ የምላሱ ሥር ካልተቆረጠ አይናገርም አለችኝ። ስልክ ካልተከፈተለት አይበላም። ጉንፋን ሲይዘው ጆሮው ይፈሳል፣ ግን በር ሲንኳኳ ሮጦ ስለሚሄድ መስማቱንስ ይሰማል። ትቼው በመዋሌ ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ደስ የሚሉ ምልክቶችም አሉ፤ እንደርስባቸዋለን። መጀመሪያ ግን መጨረሻ አካባቢ ነካ አድርገሽ ያለፍሽውን ነገር እናንሳ፤ የጆሮውን።

በር ሲንኳኳ መሮጡ መስማቱን ያሳያል፤ በደንብ መስማቱን ግን አያሳይም። የበር ድምፅ ወፍራምና ኃይለኛ ነው። በንግግር ውስጥ ያሉት እንደ «ተ»፣ «ከ»፣ «ፈ»፣ «ሰ» ያሉ ድምፆች ግን ቀጫጭንና ደካማ ናቸው። ጉንፋን ተከትሎ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም የልጁ ጆሮ እንደተወተፈ ያህል ይሆናል። በሩ ሲከፈት ይሰማዋል፤ አንቺ «ተከፈተ» ያልሽው ቃል ግን ተነባቢዎቹ ጠፍተው «ኧ-ኧ-ኧ-ኧ» የሚል ነገር ሆኖ ሊደርሰው ይችላል። ልጅ ደግሞ የሚናገረው የሰማውን ነው።

ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያተኩስም፣ ወደ ውጭም ላይወጣ ይችላል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቀምጦ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጉንፋን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ልጁ አንድ ሰሞን ይሰማል፣ ሌላ ሰሞን አይሰማም፤ ቤተሰብም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ይደነቁራል» እያለ ይስቅበታል። ወደ ውጭ ሲፈስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ተበስቷል ማለት ነው። በተለይ ፈሳሹ ሁለት ሳምንት አልፎት ካልቆመ ነገሩ ሥር እየሰደደ ነውና ቀን አትቁጠሪ።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ልትሞክሪ ትችያለሽ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ልጁ በመጫወቻ ተጠምዶ ሳለ፣ ጥላሽ እንዳይታየው ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለሽ ቁሚ። ከዚያ በሹክሹክታ ስሙን ወይም የሚወደውን ነገር ጥሪ፤ «ሙዝ» በይ። በቀኝም በግራም፣ በተለያየ ቀን ሞክሪው። ደጋግሞ ካልዞረ ለሐኪሙ የምትነግሪው ነገር አገኘሽ። ቢዞርም ግን ምርመራውን አትተይ፤ መለስተኛ የመስማት ችግር በእንዲህ ያለ ሙከራ አይያዝም፤ አንድ ጆሮ ብቻ ቢደክምም ደህናው ይሸፍንለታል።

እስከዚያው ጆሮው ውስጥ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የጡት ወተት ወይም ሌላ ነገር አትጨምሪ፤ ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ የምትጨምሪው ሁሉ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲፈስ ንጹሕና ውሃ የሚመጥ ጨርቅ በቀጭኑ ጠምዝዘሽ ጆሮው አፍ ላይ አድርጊው፤ ሲረጥብ አውጥተሽ በሌላ ለውጪ፤ ደርቆ እስኪወጣ እንዲህ አድርጊ። በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይበቃል። ጥጥ ወትፈሽ አትተዪው፣ ሲታጠብም ውሃ እንዳይገባበት ጠብቂው።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ እዚያው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ጠይቂ። ደሴ መሄድ ካስፈለገ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንደምታውቂው በጠዋት ከተነሱ በቀኑ የሚመለሱበት ነው። «ልጄ አይናገርም» ብቻ ብለሽ ከጀመርሽ «ገና ሕፃን ነው» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ይልቅ «27 ወሩ ነው፣ ከአሥር ያነሱ ቃላት ነው ያሉት፣ በጉንፋን ጊዜ ጆሮው ይፈሳል፣ ጆሮው ውስጥ እንዲታይልኝና የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት እፈልጋለሁ» በይ። ምርመራው እዚያ ከሌለ የት እንደሚሠራ ሳትጠይቂ አትውጪ። ልጅ ሐኪም ፊት አፉን ይዘጋልና ቤት ውስጥ ሲጫወት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክሽ ቀርጸሽ ያዢ። (ይኸውልሽ፣ ስልኩም ለበጎ ዋለ።)

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ። አንድ ደብተር አንሺና ለአንድ ሳምንት ከአማትሽ ጋር ቁጠሩ። ቃል የሚባለው ማንም «በል» ሳይለው ራሱ ሲጠቀምበት፣ ለአንድ ነገር ሁልጊዜ ያንኑ ሲል ነው። አነጋገሩ ቢጣመም ግድ የለም፤ ውሃን ሁልጊዜ «ኡአ» የሚል ከሆነ ቃል ነው። «ውው»ም ቃል ነው። አያቱን «ቢሻን» ብሎ ውሃ ከጠየቀ ያም ቃል ነው፤ የኦሮምኛውንም የአማርኛውንም ደምሩት። እንዲህ ስትቆጥሩ ከጠበቅሽው በላይ ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ።

ባለሙያዎች በ2 ዓመት የሚጠብቁት ወደ 50 የሚጠጉ ቃላትንና የሁለት ቃል ቅንጅትን ነው፤ «አባ ሄደ»፣ «ውሃ የለም»፣ «ዳቦ ስጪ» ዓይነቱን። ከዚያ በታች የሆነ ልጅ አፉን ለመፍታት የዘገየ ይባላል። ብዙዎቹ የኋላ ኋላ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። ችግሩ የትኛው እንደሚደርስና የትኛው እንደሚቀር ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ያንቺ ልጅ የሚነገረው ይገባዋል፣ በጣቱም ይጠቁማል፤ እነዚህ ሁለቱ ትልቅ ነገር ናቸው። ግን ሁለት ነገር ለይተሽ እይልኝ። አንደኛ፣ ጫማውን ሲያመጣ አንቺ በዓይንሽ ወይም በእጅሽ እያመለከትሽው ነው? እጅሽን አጣምረሽ፣ ሌላ ቦታ እያየሽ፣ «ማንኪያውን ለአያትህ ስጥ» ብትዪው ያደርገዋል? ሁለተኛ፣ በጣቱ የሚጠቁመው ለመጠየቅ ብቻ ነው ወይስ ለማሳየትም? ባጃጅ ሲያልፍ ጠቁሞ ፊትሽን ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ «እማ፣ አየሽ?» እያለሽ ነው፤ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው። የሚጠቁመው ሲርበው ብቻ ከሆነ፣ ስሙን ሲጠሩት የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማያይ፣ እንደ ማብሰል ወይም ስልክ እንደማውራት ያለ የማስመሰል ጨዋታ የማይጫወት ከሆነ ግን ጥያቄው ከንግግር መዘግየት ሰፋ ይላልና ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው።

አማትሽ ስለ ባለቤትሽ የተናገሩት ልብሽን ሊያሳርፍ ታስቦ ነው። እንደ ባለሙያ ሳየው ግን ለመጠበቅ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በቤተሰብ ውስጥ አፉን ዘግይቶ የፈታ ሰው መኖሩ ልጁን ቶሎ ለማሳየት ከሚያበቁት ነገሮች አንዱ ነው። አባቱ በሦስት ዓመቱ መናገሩ እውነት ነው፤ ግን የአባቱ ጆሮ ይፈስ ነበር?

ምላሱን በተመለከተ አጭር ልሁን፦ አታስነኪው። የምላስ ሥር ጅማት ማጠር ጡት ለመጥባት ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችን ሊያጣምም ይችላል እንጂ ልጅ ቃል እንዳያወጣ አያደርግም። ቃል የሚጀምረው ከጆሮና ከአእምሮ ነው። ምላስም ሆነ እንጥል ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደም መፍሰስን፣ ቁስል ማመርቀዝንና ቴታነስን ያመጣል።

ሁለት ቋንቋም ልጅን አያዘገይም። ችግር ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ አንዱን ቢያቆሙት ደግሞ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ያጣል እንጂ ሌላው አይፈጥንለትም። አማትሽ በኦሮምኛ፣ አንቺ በአማርኛ፣ እያንዳንዳችሁ አንደበታችሁ በተፈታበት አውሩት። አማትሽ ለልጁ ሲሉ በተሰባበረ አማርኛ ቢያወሩት የሚቀርበት ይበልጣል።

ቤት ውስጥ የምትሠሩትን ደግሞ ከምግቡ እንጀምር፤ ስልኩ ያለው እዚያ ነውና። ስልክ ብዙ ቃል ይናገራል፣ ግን ለልጁ መልስ ቆሞ አይጠብቅም። ልጅ ቃል የሚማረው ያየውን ነገር ሌላ ሰው አብሮት አይቶ ስሙን ሲጠራለት፣ እሱም ተራው ደርሶት ሲመልስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ ይመረጣል ይላል። በአንድ ቀን ንጠቂው አልልሽም፤ ያለቅሳል፣ አይበላም፣ አንቺም ከሽፍት ደክመሽ ገብተሽ ትመልሺለታለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማዕድ ብቻ፣ እራትን ምረጪ። ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ፤ በቦታው እጁ ላይ ማንኪያና ባዶ ሳህን ይሁን፣ ራሱ ይሞክር። ቢያፈስስ ያፍስስ።

እዚያው እራት ላይ የምትሠሪው ይኸው ነው። ሙዝና ዳቦ በሁለት እጅሽ ያዢና ፊት ለፊቱ ተቀመጪ፤ ከንፈርሽን ማየት አለበት። «ሙዝ ወይስ ዳቦ?» በይና ዝም በይ። በልብሽ እስከ አምስት፣ ከተቻለም እስከ አሥር ቁጠሪ። ይህ ዝምታ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ይመልሳል፣ ልጁም ተራው የሱ እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል። ቢያይ፣ ቢጠቁም፣ «ሙ» ቢል ሁሉም መልስ ነው። ወዲያው «ሙዝ! ሙዝ እንካ» ብለሽ ስጪው። እስኪናገር ብለሽ ምግብ አትከልክይው፤ ረሃብ ልቅሶ ያመጣል እንጂ ቃል አያመጣም። «ሙዝ በል፣ በል እንጂ!» ማለትም፣ በተለይ እንግዳ ፊት፣ አፉን ያዘጋዋል። ጥያቄ ስታበዢ ፈተና ይሆንበታል፤ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽ ሦስት አራት ጊዜ ያየውን ብቻ ተናገሪለት።

ቃል ሲያወጣ ደግሞ አንድ ጨምረሽ መልሺለት። «ውሃ» ካለ «ውሃ አለቀ» ወይም «ቀዝቃዛ ውሃ»። «ውው» ካለ «ውው ሄደ»። አንድ ብቻ ጨምሪ፤ «አዎ ልጄ፣ ያ የጎረቤት ውሻ ነው፣ ትናንት ያባረረን» ብትዪው ከዚያ ሁሉ ውስጥ የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም። ካሰብሽው «አለቀ»፣ «ሄደ»፣ «የለም»፣ «ድገም» በጣም ጠቃሚ ቃላት ናቸው፤ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ቁጠሪ። አጠራሩን «እንዲህ አይባልም» ብለሽ አታርሚው፤ «ኡአ» ሲል «አዎ፣ ውሃ» ማለትሽ ራሱ ማረሚያ ነው።

ቀን ላይ ቡናው አለላችሁ። አማትሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪሉ ልጁ ከአጠገባቸው ነው። ከረከቦቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ሲቆላ «ሸተተ»፣ ሲፈላ «ፈላ»፣ ሲቀዳ «ቀዳሁ» ይበሉት፣ በኦሮምኛቸው። በየቀኑ ያው ነገር በያው ቅደም ተከተል መምጣቱ ነው ጥቅሙ፤ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፣ ቃሉ ላይ ቆም ሲሉ ክፍቱን ሊሞላ ይሞክራል። «አኩኩሉ» እና «አልነጋም» መጫወትም እንዲሁ ተራ መጠበቅን ያስተምራል።

መጽሐፍን በተመለከተ፣ ለእሱ ዕድሜ የሚሆን ካጣሽ ራስሽ ሥሪው። ስምንት ያህል ፎቶ በስልክሽ አንሺ፦ ጀበና፣ ጫማው፣ ባጃጅ፣ ሙዝ፣ በግ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ አልጋው። ፎቶ ቤት አሳጥበሽ ከካርቶን በተቆረጠ ጠንካራ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አንድ ፎቶ ለጥፊና በስኮች ሸፍኚው፤ በምራቁ ይረጥባልና። ማታ ከመተኛቱ በፊት አሥር ደቂቃ፣ አልሆነልሽም ካለ አምስት። እሱ ይግለጥ፤ ሦስት ገጽ ቢዘልም አትመልሺው፣ ያየበት ላይ አንቺም እይ። በመጀመሪያው ሳምንት ስም ብቻ ጥሪ፦ «በግ። በግ ባአ ይላል።» በሁለተኛው ሳምንት አጋምሺውና ጠብቂ፦ «በግ … ?» ብለሽ ዝም። ካልመለሰ በደስታ «ባአ!» ብለሽ እለፊ፤ ፊትሽ ላይ ቅሬታ አይይ። በሦስተኛው ድርጊት ጨምሪ፦ «አባ ተኛ»፣ «ባጃጅ ሄደ»። ያንኑ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ቢያመጣልሽ አንቺ ትሰለቻለሽ፣ እሱ አይሰለችም፤ ቃል የሚገባው በዚያ ድግግሞሽ ነው። ማንበብ የማይችል አያትም ሆነ አባት ይህን መጽሐፍ እኩል «ያነበዋል»።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ክፈቺና ቃላቱን እንደገና ቁጠሪ። በየሳምንቱ አዲስ ቃል ከገባ መንገዱ ላይ ነው፤ ቀጥሉ። ካልገባ፣ የጆሮ ምርመራው ደህና ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ሕፃናት ሐኪም ተመለሺና ወደ ንግግር ቴራፒስት የሚላክበትን መንገድ ጠይቂ። የንግግር ቴራፒስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ ቀጠሮ ይርቃል፤ ሦስት ዓመት እስኪሞላው አለመጠበቅሽ ለዚህም ይጠቅምሻል። ስምንቱን ሳምንት ሳትጨርሺ ወዲያው ይዘሽው የምትሄጂው ግን ይላቸው የነበሩትን ቃላት ከተወ ወይም ሲጠሩት መዞር ካቆመ ነው።

ስለ ጥፋት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሥራ መዋልሽ አፉን አልዘጋውም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው አያት አለው። ከሽፍትሽ ስትመለሺ ጸጥ ያለው ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ነው? አሥሩን ደቂቃ እዚያ ላይ አስቀምጪው፤ ማታ የማይሆንበት ሳምንት ካለ ጠዋት ይሁን።

አማትሽን ደግሞ «ተሳስተዋል» ብለሽ አትጀምሪ። «ተይው ያሉኝን ሰምቻለሁ፤ ጆሮውን ብቻ ላሳይለት፣ እርስዎ ደግሞ ቃሉን ይቁጠሩልኝ» በያቸው። የኦሮምኛውን የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ቆጠራው ያለ እሳቸው አይሞላም። መጽሐፉንም ስትሠሪ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእሳቸውን ፎቶ ለጥፊ።